ምርመራው ሁሉ «ደህና ነው» ተባልኩ፤ አይቢኤስ መሆኑ በምን ይታወቃል?

የደምበጫዋ መምህርት (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። 29 ዓመቴ ነው፤ ደምበጫ አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ። ከዓመት ከሁለት ወር ወዲህ ሆዴ ከእምብርቴ በታች በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይቆርጠኛል። ሽንት ቤት ስቀመጥ ቀለል ይለኛል። አንዳንድ ሳምንት ጠዋት ክፍል ከመግባቴ በፊት ሦስት አራቴ የላላ ይወጣል፣ ሌላ ሳምንት ደግሞ እንደ ፍየል በጠጠር በጠጠር እየሆነ ያስቸግረኛል። ሌሊት ቀስቅሶኝ አያውቅም። ኪሎዬ 54 ነው፣ አልቀነሰም። ሰገራ ሦስት ጊዜ ተመርምሬ ሁለቴ «አሜባ» ተብዬ ሜትሮኒዳዞል ውጫለሁ፤ ሳምንት ተሻለኝ ሲባል ይመለሳል። አልትራሳውንድ ደህና ነው ተባልኩ፣ ሄሞግሎቢኔ 12.9 ነው። በድርቀቱ ጊዜ ሁለቴ ደማቅ ቀይ ደም ወረቀቱ ላይ አይቻለሁ። አሁን «አይቢኤስ ነው፣ አንጀትሽ ተቆጥቷል፣ አትጨነቂ» ተባልኩ። ምንም ሳያገኙ በምን አወቁ? አንጀቴ ውስጥ ቁስል ወይም ዕጢ ቢኖርስ? ባሕር ዳር ሄጄ አንጀትን በካሜራ የሚያየውን ኮሎኖስኮፒ ላሠራ?

ፋርማሲስቱ ከቡሬ
እህቴ፣ አይቢኤስ የሚባለው ሌላው ሁሉ ከተጣለ በኋላ ነው። ኮሎኖስኮፒ ካልተሠራ፣ ሲቲም ካልታየ ማንም እርግጠኛ ሊሆን አይችልም። እኔ ብሆን ሁሉንም አሠርቼ ሲጸዳ ነው የማምነው። ሜትሮኒዳዞሉን ግን ደጋግመሽ አትውሰጂ፤ እዚህ ቆጣሪው ላይ ሰው ሆዱን በጮኸ ቁጥር እሱኑ ይጠይቀኛል። ደሙን ግን አትናቂው፤ ለሐኪም አሳዪ።

አያ ዳሞት
ኮሶ ነው ልጄ። ጥሬ ሥጋ ትበያለሽ? እኔ ሆዴ ሲቆርጠኝ ከርሞ ነጭ ሪባን የመሰለ ወጣኝ፣ መድኃኒት ወሰድኩ፣ ቀረ። አሁን ጨርሶ ደህና ነኝ።

ጠያቂ
አባባ፣ ጥሬ ሥጋ ከነካሁ ዓመታት አልፈዋል፤ እንደሱ ያለ ነገርም አላየሁም። አመሰግናለሁ።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ባሕር ዳር
«ምንም ስላልተገኘ አይቢኤስ ነው» የሚለው አባባል ራሱ ሰው ያሳስታል። አይቢኤስ የራሱ መልክ አለው፣ በመልኩ ይታወቃል። ብዙ ሐኪሞች የምንከተለው የሮማ መስፈርት የሚባለውን ነው፤ እዚህ የምነግርሽ አራተኛው እትም በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። መነሻው ሕመም ነው። ባለፉት ሦስት ወራት በአማካይ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ሆድ መታመም አለበት፣ ሕመሙም ከተጀመረ ቢያንስ ስድስት ወር ይሁነው። ከዚያ ሕመሙ ከሰገራ ጋር ያለው ትስስር ይታያል። ሽንት ቤት ሲኬድ ይቀላል ወይም ይብሳል? ሕመሙ ሲነሳ ሽንት ቤት የሚኬድበት ብዛት ይለወጣል? የሰገራው መልክ ይለወጣል፣ ይላላል ወይም ይጠጥራል? ከሦስቱ ሁለቱ ካሉ መስፈርቱ ተሟላ። አንቺ የጻፍሽው ሦስቱንም ይዟል፤ የጊዜውንም ልክ ከበቂ በላይ አልፎታል።

ሆዱ የሚነፋ፣ ጋዝ የሚበዛበት፣ ግን የማያመው ሰው በዚህ መስፈርት አይቢኤስ አይባልም። በፊተኛው እትም «አለመመቸት» ጭምር ይቆጠር ነበር፣ በአራተኛው ወጥቷል። ሕመሙ ከእምብርት በላይ ሆኖ ምግብ ሲበላ ብቻ የሚነሳ፣ ከሽንት ቤት ጋር ምንም የማይያያዝ ከሆነም አብዛኛውን ጊዜ የጨጓራ ጉዳይ ነው፤ መንገዱ ሌላ ነው። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ደብተር ያዢ። ያመመሽን ቀን፣ ሰዓቱን፣ ሽንት ቤት ስትሄጂ የሆነውን፣ የሰገራውን መልክ ጻፊ። ከማንኛውም ማሽን በላይ የሚረዳኝ ያ ደብተር ነው።

መስፈርቱ መሟላቱ ብቻውን ግን አያበቃም። አንጀትን የሚያሳብጠውና የሚያቆስለው የክሮን በሽታ ወይም የአንጀት ቲቢ ያለበት ሰውም ሆዱን ሊቆርጠው፣ ሽንት ቤት ሲሄድ ሊቀልለው ይችላል። የሚለያቸው አብሮ የሚመጣው ነው፤ ኪሎ ሳያስቡት መቀነስ፣ ትኩሳት፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ፣ ከሰገራው ጋር የተቀላቀለ ደም፣ የብረት እጥረት ደም ማነስ፣ በቤተሰብ የአንጀት ካንሰር መኖሩ፣ ወይም ሕመሙ ከ45–50 ዓመት በኋላ መጀመሩ። የሌሊቱን ጥያቄ ብዙ ሰው ይስታል። ሌሊት ነቅቶ ሽንት ቤት መሄድ አንድ ነገር ነው፣ ተቅማጡ ራሱ መቀስቀሱ ሌላ። የተቆጣ አንጀት አብዛኛውን ጊዜ ሰውዬው ሲተኛ አብሮ ይተኛል፤ የቆሰለ አንጀት ግን ሌሊትም አይተኛም።

ነርስ ከቢቸና
ዶክተር፣ ስለ «አሜባው» ይንገሯት እንጂ። እኛ ጋ ግማሹ ሰው «አሜባ አለብኝ» እያለ ነው የሚኖረው።

የውስጥ ደዌ ሐኪም
ልክ ነሽ። ውጤቱ ላይ ቃል በቃል ምን ይላል? በሽፋን የተጠቀለለው «ሲስት» ነው ወይስ የሚንቀሳቀሰው «ትሮፎዞይት»?

ጠያቂ
ሁለቱም «ሲስት» ይላሉ። ሰገራውን ከቤት በክብሪት ቀፎ ነበር የወሰድኩት፤ ላብራቶሪው እስኪከፈት ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቷል።

የውስጥ ደዌ ሐኪም
እንዲያ ከሆነ ሁለቱም ውጤቶች ሆድሽን ለምን እንደሚያምሽ አይናገሩም። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጎጂው አሜባና ምንም የማያደርገው ወንድሙ ሲስታቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ላብራቶሪው ሊለያቸው አይችልም። አሜባ አንጀትን እያቆሰለ መሆኑን የሚያሳምነው ቀይ የደም ሕዋስ የዋጠ፣ የሚንቀሳቀስ ትሮፎዞይት ሲታይ ነው። እሱ ደግሞ ከሰውነት ከወጣ በኋላ ፈጥኖ ይሞታል፤ የላላው ሰገራ እዚያው ጤና ተቋሙ ወጥቶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሳይቀዘቅዝ መታየት አለበት። የክብሪት ቀፎው ሁለት ሰዓት ቆይቶ መጥቷል። መድኃኒቱን ወስደሽ ለሳምንት ተሻለሽ ማለትም ብዙ አይነግረንም፤ አይቢኤስ በራሱ ጊዜ መጥቶ በራሱ ጊዜ ይሄዳል።

ጃርዲያ ግን በአንድ ናሙና ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ በተለያየ ቀን ሦስት ናሙና ይታይ። ከጣና ዳር ወይም ከመስኖ ውኃ ጋር ንክኪ ካለሽ ቢልሃርዚያንም አስፈልጊ፤ የአንጀቱ ዓይነት ለረጅም ጊዜ ቁርጠትና ደም ያመጣል።

ጠያቂ
ልጅነቴ ጣና ዳር ነው። ወንዝ ውስጥ ያልገባሁበት ክረምት የለም።

የውስጥ ደዌ ሐኪም
እንግዲያው የቢልሃርዚያውን እንቁላል ለይተው እንዲፈልጉልሽ ንገሪያቸው። ካልተጠየቀ ይታለፋል።

ወንድሙ ከሞጣ
እኔ ልናገር። ታናሽ ወንድሜን «ጭንቀት ነው፣ አንጀትህ ተቆጥቷል» ብለው ስምንት ወር አመላለሱት። የት እንደሆነ ይቅር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሱሪው ከወገቡ እየወረደ ነበር፤ 11 ኪሎ ቀነሰ፣ ማታ ማታ ያልበዋል፣ ቀኝ ጎኑ ታች ሲነኩት ይጮኻል። እናታችን ዓይን በልቶት ነው አለች። በመጨረሻ በኮሎኖስኮፒ ትንሹና ትልቁ አንጀት ከሚገናኙበት ሥጋ ወስደው አዩት። የአንጀት ቲቢ ነበር። ስድስት ወር መድኃኒት ወስዶ ዛሬ ያርሳል። ስለዚህ እህቴ «አትጨነቂ» ሲሉሽ አትመኝ፣ አሠሪው።

የውስጥ ደዌ ሐኪም
ወንድምህ የደረሰበት ያሳዝናል፤ እሱ ግን ገና ከመጀመሪያው አይቢኤስ ሊባል አይገባውም ነበር። 11 ኪሎ፣ የማታ ላብ፣ ቀኝ ታች ሲነካ ማመም፣ እነዚህ ሁሉ እዚያው ፊት ለፊት ነበሩ። የሱ ታሪክ የሚያስተምረኝ ኪሎ ሳይመዝኑ፣ ሆድ ሳይዳብሱ «ጭንቀት ነው» ማለት ምን እንደሚያመጣ ነው። በነገራችን ላይ የአንጀት ቲቢና የክሮን በሽታ በዓይን ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ሥጋውም ተወስዶ አንዳንዴ ያከራክራል።

ወደ አንቺ ስመለስ፣ ፋርማሲስቱ ያለው ስለ ደሙ ልክ ነው፣ ስለ ሲቲውና ስለ «ሁሉም ይሠራ» ግን አልስማማም። አይቢኤስ ያለበት ሰው ኮሎኖስኮፒ ቢሠራ አንጀቱ ጤነኛ ይመስላል። ቁስል፣ ዕጢ፣ ጥበት አይታይም፤ የተቆጣው ስሜቱና እንቅስቃሴው ነውና። በ29 ዓመት፣ ኪሎ ሳይቀንስ፣ ሌሊት ሳይቀሰቅስ፣ መስፈርቱ ተሟልቶ ኮሎኖስኮፒው ሌላ ነገር የማግኘቱ ዕድል ትንሽ ነው። ደሙን በተመለከተ ደማቅ ሆኖ፣ በጠጣር ሰገራ ጊዜ ብቻ፣ ወረቀት ላይ ከታየ አብዛኛውን ጊዜ ኪንታሮት ወይም የፊንጢጣ ስንጥቅ ነው። «አብዛኛውን ጊዜ» ያልኩት ግን እስኪታይ ድረስ ነው። ሐኪሙ ፊንጢጣሽን መርምሮታል?

ጠያቂ
አልመረመረም። እኔም አፍሬ አልጠየቅሁም።

የውስጥ ደዌ ሐኪም
መመርመር አለበት፤ ሁለት ደቂቃ ነው፣ ሴት ሐኪም መጠየቅ መብትሽ ነው። ሌላው ሄሞግሎቢኑ ነው። 12.9 በመጽሐፍ ላይ ለሴት ደህና ነው፣ ወሰኑ 12 ነውና። ደምበጫ ግን ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ደጋ ላይ የሚኖር ሰው ደሙ ከፍ ማለት ስላለበት ወሰኑም አብሮ ከፍ ይላል። ያንቺ አፋፍ ላይ ነው። በሰውነትሽ የተከማቸውን ብረት የሚያሳየውን ፌሪቲን አሠሪ። በሰውነት ውስጥ እብጠት መኖሩን የሚጠቁመው የደም ምርመራ፣ ሲአርፒም አብሮ ይሠራ፤ ከፍ ካለ አንጀት ውስጥ እብጠት ወይም ቁስል እንፈልጋለን። ካልፕሮቴክቲን የሚባለው የሰገራ ምርመራ የሚገኝ ከሆነ ከሲአርፒው ይሻላል። ከ50 በታች ከሆነ የክሮን ዓይነት እብጠት መኖሩ በጣም ይርቃል። ከምርመራው በፊት ባሉት ሳምንታት ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አትውሰጂ፤ ያለ በሽታም ከፍ ያደርጉታል። ስንዴ ዳቦ የምትበዪ ከሆነ ስንዴ አንጀትን የሚጎዳበት የሴሊያክ በሽታ የደም ምርመራም አይከፋም፤ ተቅማጥና የብረት እጥረት አብረው ሲመጡ እሱም ይታሰባል።

ጠያቂ (ከአምስት ሳምንት በኋላ)
ተመልሼ መጣሁ። ሐኪሟ መረመረችኝ፤ ስንጥቅ አለ አለች፣ ኪንታሮት የለም። ሦስቱም የሰገራ ናሙና ነጻ ነው፣ ቢልሃርዚያም አልተገኘም። ሲአርፒ 3 ነው። ፌሪቲን ግን 9 ሆነ። ካልፕሮቴክቲን እዚህ አልተገኘም፣ ናሙናው ወደ አዲስ አበባ ይላክ ብለውኛል። ደብተሬን ሳየው የሚገርመው የገና ዕረፍት ላይ አንድ ቀን ብቻ ነው ያመመኝ፤ በጾም የሽሮና የሽንኩርቱ ሳምንት ደግሞ አምስት ቀን።

የውስጥ ደዌ ሐኪም
ዕረፍት ላይ መቅለሉ ደስ ይላል፤ የሽሮው ግን ብቻውን አይለይም። ጋዝ የሚያበዛ ምግብ የቆሰለ አንጀትንም ያሳምማል። ፌሪቲን 9 እጥረት ነው። በአንቺ ዕድሜ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የወር አበባ ነው። ይበዛብሻል?

ጠያቂ
ሰባት ቀን ይቆያል። ብዙ ነው መሰለኝ።

የውስጥ ደዌ ሐኪም
የሴሊያኩን ምርመራ አሠሪ፣ ብረት ጀምሪና በሦስት ወር ፌሪቲኑ ይደገም። ብረቱ ድርቀቱን ሊያብስ ስለሚችል አንድ ቀን እየዘለሉ መውሰድ ይቻላል። ካልፕሮቴክቲኑ ይላክ። እሱ ከፍ ካለ፣ ወይም ብረቱን በአግባቡ ወስደሽ ካልተነሳ፣ ያኔ ኮሎኖስኮፒውን እኔ ራሴ እጽፍልሻለሁ።

ወንድሙ ከሞጣ
እኔ አሁንም አሠሪው ነው የምለው።

ፋርማሲስቱ ከቡሬ
ብረቱን ከሻይና ከቡና ጋር አትውሰጂው እህቴ። ቢያንስ አንድ ሰዓት አራርቂው።