480,000 ብር የገዛነው ወፍጮ ለምን ባንዴ ወጪ አይሆንም?

የቡሬው ወፍጮ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። ቡሬ ላይ ሶስት ሆነን የእህል ወፍጮ ገዝተን በሐምሌ መጀመሪያ ስራ ጀመርን፣ 480,000 ብር ተከፍሎ አልቋል ዱቤ የለብንም። ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ ገቢ 300,000፣ የመብራትና የሰራተኛ ወጪ 130,000 ሆነ። ሒሳብ ሰራተኛው ታዲያ ለማሽኑ 80,000 ብቻ ወጪ ይዞ 90,000 አትርፋችኋል ይለናል። ብሩ ከኪሳችን ከወጣ የምን ትርፍ ነው? ሌላ ሰው ደግሞ በዲክላይኒንግ ባላንስ ቢሰራላችሁ ኪሳራ ነበር የሚወጣው አለን። የገባው ሰው ቢያስረዳኝ።

የዳንግላ ባጃጅ፦
80,000ውን በየአመቱ ባንክ አስቀምጡ ማለቱ ነው፣ ማሽኑ ሲያረጅ ሌላ መግዣ እንዲሆናችሁ። ለነገሩ እርጅና ምናምን የሚሉት እዚህ አገር አይሰራም፣ የኔ ባጃጅ ዛሬ ብሸጠው ከገዛሁበት በላይ ያወጣል።

ሙሉ ከማርቆስ፦
ባጃጁ ወንድሜ፣ የሚቀመጥ ብር የለም። 80,000ው እርጅና የሚባለው መዝገብ ላይ ብቻ ያለ ወጪ ነው፣ ከባንክ አንድ ሳንቲም አያነቃንቅም፣ መተኪያ ማጠራቀም ከፈለጉ ለብቻው ተስማምተው ነው የሚያስቀምጡት። ገበያ ላይ ዋጋው መጨመሩም ይሄን አይለውጠውም ምክንያቱም የሚከፋፈለው የተገዛበት ዋጋ ነው።

የቡሬው፣ 480,000ውን ዘንድሮ ባንዴ ብትጥሉት 310,000 ኪሳራ ይወጣል። በሚቀጥለው አመት ያው ወፍጮ ያንኑ በቆሎና ጤፍ ፈጭቶ ያንኑ ገቢ ቢያስገባ ደግሞ 170,000 ትርፍ ይላችኋል። ስራው አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ አመት የማሽኑን ዋጋ ሙሉ ተሸክሞ ሌላው በነጻ ፈጨ ማለት ነው። ማሽኑ ግን ገቢ የሚያመጣው በሚሰራበት ዘመን ሁሉ ስለሆነ ዋጋውም በዛው ዘመን ላይ ይበተናል። 80,000 ከየት መጣ ካልክ፣ አምስት አመት ይሰራል፣ ሲያበቃ ዲናሞውም ብረቱም ተሸጦ 80,000 ያወጣል ብሎ ገምቶ መሰለኝ፤ የቀረው 400,000 ለአምስት ነው። ግምቱን ጠይቁት፣ ወረቀት ላይ መኖር አለበት።

የፍኖተ ሰላም ልጅ፦
ሙሉ ትክክል ናት። ዲክላይኒንጉ ደግሞ እጥፍ ነው፣ ለአምስት አመት እኩል ሲከፈል በየአመቱ 20 በመቶ ከሆነ እዚህ 40 በመቶ፣ ስለዚህ 400,000ውን በ40 በመቶ አባዝተህ መጀመሪያ አመት 160,000 ነው።

ሙሉ ከማርቆስ፦
40 በመቶው ልክ ነው፣ ግን የመጨረሻ መሸጫው መጀመሪያ ላይ አይቀነስም፣ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ከሙሉው 480,000 ትነሳለህ፣ የመጀመሪያው አመት ወጪ 192,000 ይሆንና መዝገብ ላይ 288,000 ይቀራል። ሁለተኛው አመት ከቀረው ላይ ነው 40 በመቶው፣ 115,200፤ ሶስተኛው 69,120 ሲሆን 103,680 ይቀራል። አራተኛው አመት በስሌቱ 41,472 ነበር ግን እሱን ከያዝክ ከ80,000 በታች ትወርዳለህ፣ ስለዚህ 23,680 ብቻ ይያዝና ይቆማል፣ አምስተኛው አመት ምንም የለውም። ደምረው፣ በሁለቱም መንገድ 400,000 ነው፣ የሚለያየው መቼ እንደሚያዝ ነው። ያ ሰውዬ ኪሳራ ያለው ለዚህ ነው፣ ከ170,000 ላይ 192,000 ሲነሳ 22,000 ኪሳራ ይወጣል።

ለወፍጮ እኔ ስትሬት ላይን፣ ማለትም በየአመቱ እኩል 80,000 የሚይዘውን እመርጣለሁ ምክንያቱም የሚፈጨው በየአመቱ ተቀራራቢ ነው። ቶሎ ለሚያረጅ ለኮምፒውተር አይነት፣ ወይ ጥገናው በኋላ ለሚከብድ ማሽን ዲክላይኒንጉ ይሻላል። ግብር ላይ ግን የራሳችሁን አመት ገምታችሁ አይደለም፣ አዋጅ 979/2008 ሁለቱንም መንገድ ፈቅዶ ነበር፣ ፐርሰንቱን የሚወስነው ግን ደንቡ ነው፣ ማሻሻያም ስለወጣ ገቢዎች ሄዳችሁ አረጋግጡ።

የእንጅባራ ነጋዴ፦
ሙሉ እህቴ ጥገናው የሚከብድ ያልሽው ወፍጮንም ይመለከታል። እኛ ጋ ሶስተኛው አመት ላይ ድንጋይና ቦሎኒ መቀየር ብቻውን ትርፉን በላው፣ እርጅናው ያኔ አነስ ቢል ኖሮ አመቶቹ ይመጣጠኑልን ነበር። ስለዚህ ለወፍጮም ዲክላይኒንግ እላለሁ።

ሙሉ ከማርቆስ፦
ጥገናው እንደዛ ከሆነ እውነትህን ነው፣ የነሱን ማሽን አላየሁትም።

የቡሬው ወፍጮ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ከሶስታችን አንዱ ልወጣ ነው እያለ ነው። ድርሻው በስትሬት ላይን ከቀረው 400,000 ነው የሚሰላው ወይስ ከ288,000?

ሙሉ ከማርቆስ፦
ከሁለቱም አይደለም። መዝገብ ላይ የቀረው ገና ያልተያዘ ወጪ እንጂ ማሽኑ ዛሬ የሚያወጣው ዋጋ አይደለም። ሁላችሁም የምታምኑት ሰው ይገምተው፣ መጀመሪያ ግን የመተዳደሪያ ውላችሁን እዩ።

የእንጅባራ ነጋዴ፦
ውሉ በመዝገብ ዋጋ ይላል እንደሆነስ? እኛ ጋ እንደዛ ተጽፎ ነው ሰው የተጣላው።

የቡሬው ወፍጮ፦
የኛም በመዝገብ ዋጋ የሚል ይመስለኛል። ነገ ውሉን አውጥቼ አያለሁ።