የክርክር ጨዋታው ዕቅድ፦ ሁለተኛው ረቂቅ ላይ የተሰጡ አስተያየቶች

መምህር ሙሉነህ፦ ረቂቁን ልኬያለሁ። ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ነው፤ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ በአንድ ጠረጴዛ 4 ልጅ። የመጀመሪያው ርዕስ «ያረፈደ ተማሪ በር ሊዘጋበት አይገባም» የሚል ነው። ሁለቱ ይደግፋሉ፣ ሁለቱ ይቃወማሉ። ማን በየትኛው ወገን እንደሚሆን በዕጣ ይወሰናል። 10 ደቂቃ ይዘጋጃሉ፤ ከዚያ በየተራ 3 ደቂቃ ይናገራሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው ማስታወሻ ይይዛል እንጂ አያቋርጥም። 6 ደቂቃ ጥያቄ ይጠያየቃሉ። ቀጥሎ ወገን ይቀያየራሉ። መጨረሻ ላይ ወገኑን ትተው አራቱም የሚስማሙበትን ሐሳብ ይጽፋሉ። ዘዴው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲዎቹ ወንድማማቾች ዴቪድና ሮጀር ጆንሰን ያወጡት ነው።

አልማዝ፦ በጀቱ ላይ የድምፅ ማጉያ ኪራይ የለም። ያለ ማይክ አዳራሹ ውስጥ ማን ይሰማቸዋል? የጥያቄና መልሱ ዕለት የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

መምህር ሙሉነህ፦ አዳራሽ አላልኩም። ክፍል ውስጥ ነው።

ጋሽ ከበደ፦ የሚኒ ሚዲያው ማይክ የት ሄደ? አዋጥተን ገዝተን የለም ወይ?

አልማዝ፦ ጋሽ ከበደ፣ እሱ እኮ ሲያፏጭ ነው የሚውለው። የጥያቄና መልሱ ቀን ተሯሩጬ ሌላ የተከራየሁት እኔ ነኝ። ደረሰኙም እጄ ላይ ነው።

ጋሽ ከበደ፦ ሳይጠገን ሌላ መከራየት የማኅበሩን ገንዘብ ማባከን ነው። ያኔም ብያለሁ።

አልማዝ፦ አባከነች ለማለት ከሆነ ሒሳቡን ሌላ ሰው ይያዝ።

ሄኖክ፦ ኧረ ተረጋጉ። ለምን እንደ ዓለም አቀፉ የትምህርት ቤቶች ክርክር አናደርገውም? በየቡድኑ 3 ተናጋሪ፣ ለእያንዳንዱ 8 ደቂቃ። ዳኛና ዋንጫም ይኖራል። ማይክ ግን የግድ ነው።

መምህር ሙሉነህ፦ ሰዓቱን ልክ ብለሃል። ግን ያ አሸናፊ የሚለይበት ውድድር ነው። እኛ የምንፈልገው ልጁ የተቃወመውን ሰው አዳምጦ እንዲመልስ ነው። ማይክ የያዘ ልጅ ጭብጨባ ፍለጋ ወደ ታዳሚው ይዞራል። ሌላ ክፍል ላይ ሞክሬ አይቼዋለሁ። ዋናው ነገር ወገን ሲቀያየሩ ያለው 4 ደቂቃ ነው። «ሰዓት ማክበር ሥራ ላይም ይጠየቃል» ሲል የነበረው ልጅ አሁን ታክሲ አጥቶ ስላረፈደው ተማሪ ይናገራል። የቀድሞዎቹ ደጋፊዎች «አዎ፣ ያልነው ይሄንኑ ነው» ካላሉት እንደገና ይሞክራል። ክፍሉ ከሳቀ ልጁ እያሾፈ ነው ማለት ነው፤ አስቁሙት። «አንተ ራስህ ሁሌ ታረፍዳለህ» ከተባለም ክርክሩ ከደንቡ ወጥቶ ወደ ሰውየው ሄዷል።

ራሄል፦ ልጄ ሰው ሠራሽ ፀጉር ቀጥለሻል ተብላ ከበር ተመልሳለች። መጀመሪያ ማኅበሩ ስለሱ ደብዳቤ ይጻፍ። ልጆቹ ተከራከሩ አልተከራከሩ ምን ይለወጣል?

መምህር ሙሉነህ፦ ደብዳቤው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ጥያቄሽ ግን ተገቢ ነው። ርዕሰ መምህሩ የትኛው ደንብ ሊሻሻል እንደሚችል አስቀድመው ይንገሩን። የሰንደቅ ዓላማው ሰዓት የማይነካ ከሆነ፣ ልጆቹ በሩ ከዚያ በኋላ ስንት ደቂቃ ክፍት ይቆይ በሚለው ይከራከሩ። ቁርጡን ካላወቁ የይምሰል መሆኑ ወዲያው ይገባቸዋል። ዩኒት ሊደሩም እዚያ ባይቀመጡ ይሻላል። በሩን የሚዘጉት እሳቸው ናቸው፤ ማን ፊታቸው ይናገራል?

ጋሽ ከበደ፦ አባቶቻችን «በላ ልበልሃ» ብለው ሲሟገቱ ማይክ ነበራቸው? ልጆቹ እሱን ይማሩ።

መምህር ሙሉነህ፦ ለአነጋገር ውበቱ ጥሩ ነው፣ ጋሽ ከበደ። ግን እሱም መርታት ነው። ወገን መቀያየር የለበትም።

ሄኖክ፦ ጠረጴዛ የሚመሩ 6 ሰዎች ያስፈልጋሉ ተብሏል። እነማን ናችሁ? ባለፈው እጃቸውን ያወጡት ስልክ አያነሱም።

ራሄል፦ እኔ ቅዳሜ ብቻ እችላለሁ።

ሄኖክ፦ ቅዳሜ ከሆነማ ክፍለ ጊዜ ሳይሆን ዝግጅት ነው። ወላጅ ይጠራል። እንግዲህ አዳራሹ መጣ።

አልማዝ፦ ይኸው! ማይክ ያስፈልጋል አላልኩም? ጋሽ ከበደ፣ የሚኒ ሚዲያውን ማይክ እርስዎ ያስጠግኑ፤ ካልሆነ እከራያለሁ። ቅድም የተናገርኩት በንዴት ነው።

ጋሽ ከበደ፦ እኔም አንቺን ለማለት አልነበረም። ባለሙያ አሳያለሁ።

መምህር ሙሉነህ፦ ቅዳሜም ቢሆን አራት አራቱ ጠረጴዛ በፊት ይሁን፤ አዳራሹ በኋላ። ወገን መቀያየሩን ግን እንዳታወጡት። ጊዜ ሲያጥር ሁሌ የሚቆረጠው እሱ ነው።

ሄኖክ፦ መርሐ ግብሩ ላይ የሚገባ አይመስለኝም። የርዕሰ መምህሩ ንግግር አለ፣ ዋንጫ አሰጣጥ አለ። እስቲ ሐሙስ እናየዋለን።

ራሄል፦ ደብዳቤውስ?

አልማዝ፦ ሐሙስ የኪራዩን ዋጋ ይዤ እመጣለሁ። ቲሸርቱን ማን ነበር የያዘው?