የሙከራ ጊዜ ማጠናቀቂያ ደብዳቤ አጻጻፍ ላይ እርዳታ እፈልጋለሁ

ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የግል ፋብሪካ የሰው ኃይል ሠራተኛ ነኝ። በ45 የሥራ ቀናት ሙከራ የተቀጠረ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ዛሬ 41ኛ ቀኑን ይዟል። ሲቀጠር ሁለት ግቦች በጽሑፍ ተሰጥተውታል፤ ገቢና ወጪውን በዕለቱ በስቶክ ካርድ መመዝገብና በየሳምንቱ ቅዳሜ የቀሪ ዕቃ ሪፖርት ማቅረብ። የመጀመሪያውን አሟልቷል፤ በቆጠራም ልዩነት አልተገኘም። ከስድስቱ ሪፖርቶች ግን አራቱ ዘግይተዋል፤ የዘገዩትም ኮምፒውተር ሳይሰጠው በፊት የነበሩት ናቸው።

ሥራ አስኪያጃችን «በሥራው አጥጋቢ ባለመሆኑ» ተብሎ ለሌላ 45 ቀን ይራዘም ይላሉ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ ስለማይችል፣ ቢበዛ ማራዘም የምንችለው 15 የሥራ ቀናት ብቻ ይመስለኛል፤ ጊዜው አልፎ ሥራውን ከቀጠለም ቅጥሩ ከሙከራው መጀመሪያ ቀን ጀምሮ እንደጸና ይቆጠራል። እኔ በበኩሌ መዘግየቱ የእኛ ጉድለት ስለሆነ ቅጥሩ እንዲጸና እፈልጋለሁ፤ ልጁ ባላጠፋው ሲወቀስ ማየት ይከብደኛል።

የኮምፒውተሩን መዘግየት በደብዳቤው ውስጥ እንዴት ልግለጸው? ማራዘም ግድ ቢሆንስ የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልገናል? ልምዱ ያላችሁ ብትረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።