ለዓመታት በያዝኩት ሼር ላይ ካቨርድ ኮል ልሽጥ? የትኛው ብሮከር፣ በስንት ስትራይክ?

እህተ ቨርጂኒያ
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ ነው። እኤአ በ2013 አንዱን በ30 ዶላር የገዛሁት የአንድ ኩባንያ 300 ሼር አለኝ። አሁን ዋጋው 100 ዶላር አካባቢ ነው። በየሦስት ወሩ በሼር 50 ሳንቲም ዲቪደንድ ይሰጠኛል፤ ከዚያ ውጪ ዝም ብሎ ተቀምጧል። የሥራ ባልደረባዬ «ካቨርድ ኮል ሽጪበት፣ በየወሩ ገንዘብ ይገባልሻል» አለችኝ፤ ሼሬን በተወሰነ ዋጋ እስከ አንድ ቀን ድረስ የመግዛት መብት ለሌላ ሰው መሸጥ ነው። የትኛውን ብሮከር ትጠቁሙኛላችሁ? ስትራይኩንስ፣ ማለትም ሼሩ የሚወሰድበትን ዋጋ፣ ስንት ላድርገው? ሼሩን መሸጥ አልፈልግም፤ ለልጆቼ ነው ያስቀመጥኩት።

ዳላሱ
እህቴ፣ ሮቢንሁድ በኮንትራት ኮሚሽን አይጠይቅም። ፊደሊቲና ሽዋብ 65 ሳንቲም፣ ቫንጋርድ 1 ዶላር ይወስዳሉ። ስትራይክ ላይ ብዙ አትጨነቂ። ዴልታው፣ ማለትም ሼሩ የመወሰድ ዕድሉ ግምት፣ 0.30 አካባቢ የሆነውን ምረጪ፣ ከ30 እስከ 45 ቀን የቀረው ይሁን። 0.30 ማለት ሼርሽ የማይነካበት ዕድል 70 ከመቶ ያህል ነው ማለት ነው። ገዢው የሚከፍልሽ ፕሪሚየም ኪስሽ ይገባል፣ ሼሩም አለሽ። ነፃ ገንዘብ ነው።

ጡረተኛው
የዳላሱ ወንድሜ ዴልታውን በግምት ልክ ብሏል። «ነፃ» ያለውን ግን አልቀበልም። ኮል መሸጥ ማለት በሬህን በዚህ ዋጋ እስከዚህ ቀን ልወስደው እችላለሁ ከሚል ሰው ቀብድ መቀበል ነው። በሬው ገበያ ላይ ከተወደደ ይወስደዋል፣ ከረከሰ ይተውልሃል። ሁለቱንም የሚመርጠው እሱ ነው።

በልጄ በእህተ ቨርጂኒያ ሼር እናስላው። ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፣ ግን ብዙም የማይዋዥቅ ትልቅ ኩባንያ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሼሩ 100 ነው፣ 35 ቀን ቀርቶታል። የ100 ስትራይክ 3.30 ገደማ ያወጣል፣ የ105ቱ 1.40፣ የ110ሩ 50 ሳንቲም። አንድ ኮንትራት 100 ሼር ስለሆነ 330፣ 140 እና 50 ዶላር ማለት ነው። የ105ቱ ነው ዴልታው 0.30 የሚጠጋው።

የ105ቱን ሸጠሽ እንበል። ሼሩ ከ105 በታች ከቆየ 140 ዶላሩ ያንቺ ነው። ግን የአጭር ጊዜ ትርፍ ተብሎ እንደ ደመወዝ ይታክሳል። 22 ከመቶ ላይ ከሆንሽ፣ የቨርጂኒያን ጨምረሽ 100 ዶላር ገደማ ይተርፍሻል። ሼሩ 90 ቢገባ ደግሞ 1,000 ዶላር ወርደሻል፣ ያሳረፈልሽ 140 ነው። ወደ ታች የሚጠብቅሽ ነገር የለም ማለት ይቀላል።

አሁን ሼሩ 120 ገባ። በ105 ይወሰድብሻል። ከፕሪሚየሙ ጋር 106.40 አገኘሽ፤ ዝም ብለሽ ብትቀመጪ 120 ነበር። በ100 ሼር 1,360 ዶላር አመለጠሽ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰው ያወራል።

የማይወራው ቀጥሎ ያለው ነው። ሼርሽ የተገዛው በ30 ነው። በ106.40 እንደተሸጠ ተቆጥሮ በሼር 76.40፣ በጠቅላላው 7,640 ዶላር ትርፍ ይመዘገብብሻል። የረጅም ጊዜ ስለሆነ ብዙ ሰው 15 ከመቶ ይከፍላል፤ ለፌዴራል ብቻ 1,146 ዶላር። በቨርጂኒያ ከፍተኛው መጠን 5.75 ከመቶ ላይ ከሆንሽ ሌላ 440 ገደማ። 140 ዶላር ፍለጋ ወጥተሽ፣ ባልመረጥሽው ወር የ1,600 ዶላር ታክስ ጠራሽ።

በዚያ ላይ ለልጆቼ ነው ብለሻል። እድሜ ይስጥሽ እንጂ፣ ባለቤቱ ሲያልፍ የሼሩ መነሻ ዋጋ የዚያን ቀን የገበያ ዋጋ ይሆናል። እስከዚያ የተጠራቀመው ትርፍ ወራሾቹ ላይ አይታክስም። ከተወሰደብሽ ያ ዕድል አብሮ ሄደ።

ስለዚህ ከስትራይኩ በፊት አንድ ጥያቄ አለ። ይሄን ሼር በስንት ብሸጠው ቅር አይለኝም? ታክሱን ቀንሰሽ ቁጥር ከመጣልሽ ስትራይክሽ እሱ ነው። «በምንም» ካልሽ አትሽጪ።

ዳላሱ
ጋሼ፣ ሮል ማድረግን ረሱት። ሼሩ ወደ ላይ ሲሄድ ዝም ብዬ አልጠብቅም። የሸጥኩትን መልሼ እገዛና የሚቀጥለውን ወር ከፍ ባለ ስትራይክ እሸጣለሁ። እስካሁን አልተወሰደብኝም።

ጡረተኛው
አልረሳሁትም፣ ዋጋ አለው። ሼሩ 108 ገብቶ 10 ቀን ቀረ እንበል። የ105ቱን ለመዝጋት 3.75 ገደማ ትከፍላለህ። የ45 ቀኑን 110 ብትሸጥ 3.10 ታገኛለህ። ልዩነቱ 65 ዶላር ከኪስህ ነው። ከመጀመሪያው 140 ላይ 75 ቀረህ፣ አምስት ዶላር የመውጫ ቦታ ገዛህ። ይሄ ጥሩ ሮል ነው።

አሁን ሼሩ በአንድ ጠዋት 120 ቢከፍትስ? የ105ቱን ለመዝጋት ከ1,500 ዶላር በላይ ትከፍላለህ። ከዚያ ወዲያ ምርጫህ ወይ ሼሩን መስጠት፣ ወይ ትልቅ ገንዘብ ማውጣት፣ ወይ ስትራይኩን ብዙም ሳታነሳ ዓመት መግፋት ነው። ቀስ ብሎ የሚወጣ ሼር ላይ ሮል ይሠራል። የሩብ ዓመት ገቢ ሲያወጡ የሚዘልለው ላይ አይሠራም። ከገቢ ሪፖርት በፊት ፕሪሚየሙ ወፈር ብሎ ካየኸው ገበያው ዝላይ እየጠበቀ ነው።

የላስ ቬጋሷ
እኔም የምለው አለኝ። የኔን ሼር ጊዜው ሳይደርስ ወሰዱብኝ። አርብ ነው የሚያበቃው፣ እነሱ ማክሰኞ ማታ ሸጡብኝ። ዲቪደንዱም አለፈኝ። ብሮከሩ ጋ ስደውል «የተለመደ ነው» ከማለት ውጪ ማብራሪያ የለም። ስሙን አልጠራም፤ ግን ያለፈቃዴ እንዴት ይሸጣል?

ጡረተኛው
እመቤቴ፣ ብሮከሩ አልሸጠም፤ ኮሉን የያዘው ሰው ነው መብቱን የተጠቀመው። በአሜሪካ የኩባንያ ሼር ላይ ያለ ኮል ከማብቂያው በፊት በማንኛውም የሥራ ቀን ሊጠየቅ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ከኤክስ ዲቪደንድ ቀን፣ ማለትም አዲስ ገዢ ዲቪደንዱን ማግኘት ከሚያቆምበት ቀን፣ በፊት ባለው ማታ ነው።

ማወቂያው ቀላል ነው። ሼሩ 112፣ ስትራይኩ 105 ቢሆን ልዩነቱ 7 ነው። ኮሉ በ7.10 እየተሸጠ ከሆነ የቀረው ትርፍራፊ 10 ሳንቲም ብቻ ነው። ዲቪደንዱ 50 ሳንቲም ነው። የያዘው ሰው 10 ሳንቲሙን ጥሎ 50ውን ይወስዳል። ስለዚህ የኤክስ ዲቪደንድ ቀኑን ካላንደርዎ ላይ ያስገቡ። ከዚያ በፊት ሼሩ ስትራይኩን አልፎ የኮሉ ትርፍራፊው ከዲቪደንዱ ካነሰ፣ ወይ ይዝጉት ወይ ሼሩን እንደተሸጠ ይቁጠሩት።

የሲያትሏ
ለምን ትደክማላችሁ? እኔ QYLD የሚባለውን ኮል የሚሸጥ ፈንድ ገዝቼ በየወሩ ይከፍለኛል። ስትራይክ የለ፣ ሮል የለ፣ ስልክ መደወል የለ።

እህተ ቨርጂኒያ
ይሄ ደስ ይላል። ከሁሉም የሚቀለው እሱ አይደል?

ጡረተኛው
ለመያዝ ይቀላል። ግን ምን እንደሚያደርግ ይታወቅ። QYLD የናስዳክ 100 ሼሮችን ይዞ በየወሩ እዚያው ዋጋ ላይ ኮል ይሸጣል፣ የ100 ሼር ላይ የ100 ስትራይክ እንደማለት። ፕሪሚየሙ ወፍራም የሆነው ለዚያ ነው። በ2022 ናስዳክ ሲወድቅ እሱም ወደ 19 ከመቶ ወረደ። በ2023 ናስዳክ 100 ከ50 ከመቶ በላይ ሲነሳ እሱ ዲቪደንዱን ጨምሮ ከግማሹ ያነሰ ነው ያገኘው። ወጪውም በዓመት 0.60 ከመቶ ነው። ሌላው ኮል የሚሸጥ ፈንድ JEPI ወጪው 0.35 ነው፣ ኮሉንም ከፍ አድርጎ ስለሚሸጥ ትንሽ መተንፈሻ አለው። ለአዲስ ገንዘብ፣ በተለይ IRA በሚባለው የጡረታ ሂሳብ ውስጥ፣ ከሁለቱ JEPIን እመርጣለሁ። ለእህተ ቨርጂኒያ ግን አይሆንም። እሱን ለመግዛት ሼሩን መሸጥ አለባት፣ ታክሱ ያው ነው።

የሲያትሏ
እኔ ቼኩ በየወሩ መምጣቱን ነው የምፈልገው። እድገቱ ለወጣቶች ይሁን።

ቦሌ ልጅ
ከአዲስ አበባ ነኝ። የባንክ አክሲዮን አለኝ፣ የኢትዮ ቴሌኮምም በ300 ብር ገዝቻለሁ። እዚህ በየት በኩል ነው ኮል የሚሸጠው?

ዳላሱ
ወንድሜ፣ አገር ቤት ይሄ ነገር የለም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ገና በ2025 ነው የተከፈተው፤ እንደ ኮል ያለ ኦፕሽን አይገበይበትም። «እኔ አሠራልሃለሁ» የሚል ከመጣ ሽሽ።

ባለ ሆቴሉ
እኔ የምሠራበት ድርጅት ሼር ነው ያለኝ፣ በቅናሽ ከደመወዝ እየተቆረጠ የተገዛ። እንደ ዳላሱ ልጀምር ስል አለቃዬ አቁም አለኝ። የሠራተኛ መመሪያው በድርጅቱ ሼር ላይ ኦፕሽን መነገድ ይከለክላል። ብዙ ትልልቅ ኩባንያዎች ይሄ ክልከላ አላቸው። የአሠሪያችሁን ሼር የያዛችሁ መጀመሪያ መመሪያውን አንብቡ።

እህተ ቨርጂኒያ
የኔ የአሠሪዬ አይደለም፣ ተመስገን። ጋሼ፣ እንግዲህ ብሮከሩስ? 65 ሳንቲሙ ያን ያህል ያሳስባል?

ጡረተኛው
አያሳስብም። ስክሪኑ ላይ ገዢ 1.30፣ ሻጭ 1.50 ብሎ ታያለሽ። በገበያ ዋጋ ብለሽ ከላክሽው 1.30 ይሰጡሻል። በ1.40 ሊሚት አድርገሽ፣ ከዚያ በታች አልሸጥም ብለሽ፣ ትንሽ ብትጠብቂ ብዙ ጊዜ ይገዙሻል፤ 10 ዶላር አተረፍሽ። ከኮሚሽኑ አሥራ አምስት እጥፍ ነው።

ሼርሽ ያለበት ፊደሊቲ ወይም ሽዋብ ከሆነ እዚያው ቆዪ። ካቨርድ ኮል ዝቅተኛው የኦፕሽን ፈቃድ ላይ ስላለ ፎርም ሞልተሽ ነው የሚፈቀድልሽ። ትዕዛዙ ላይ Sell to Open የሚለውን፣ ስትዘጊ Buy to Close የሚለውን ምረጪ። ኮንትራቱን 1 አድርጊ፤ 200ው ነፃ ይቆይ።

ሌላ ነገር፦ በተለያየ ጊዜ የገዛሽው ካለ፣ ምንም ካልመረጥሽ ብዙውን ጊዜ ከሁሉ የቆየው ነው ቀድሞ የሚሄደው። የአንቺ የቆየው ደግሞ ከሁሉ የረከሰው ነው። በውድ የተገዛው እንዲሄድ አስቀድመሽ አስተካክዪ፤ ከተወሰደ በኋላ ጊዜሽ አንድ የሥራ ቀን ነው፣ ከግንቦት 2024 ጀምሮ ሂሳቡ የሚዘጋው በማግስቱ ስለሆነ።

እህተ ቨርጂኒያ
ሁሉም የ2013 ነው። ግን IRA ውስጥ የS&P 500 ፈንድ፣ SPY፣ 100 ሼር አለኝ። እዚያ ቢወሰድብኝ ታክስ የለውም አይደል?

ጡረተኛው
የለውም፣ ገንዘቡ እዚያው እስካለ ድረስ። መጀመር ካለብሽ እዚያ ጀምሪ። SPYም በየሩብ ዓመቱ ዲቪደንድ ይከፍላል፤ ለላስ ቬጋሷ ያልኩት ላንቺም ይሠራል። እኔ ብሆን ከዋጋው 4 ወይም 5 ከመቶ በላይ ያለውን ስትራይክ እወስዳለሁ፣ ፕሪሚየሙ ትንሽ ቢሆንም።

ዳላሱ
እዚህ ላይ አንስማማም። SPY ላይ በአንድ ወር 5 ከመቶ ርቆ የሚገኘው ሳንቲም ነው፤ ለሱ ብሎ ጣሪያ ማስገባት ምን ይጠቅማል? ወይ ጠጋ አድርጋ ትሽጥ፣ ወይ ትተወው።

ጡረተኛው
«ትተወው» ያልከውን እኔም አልቃወምም።