ለማራቶን ሯጭ በሳምንት ሁለት ቀን የሚበቃ ጂም ጠቁሙኝ

ጠያቂው፦ ማራቶን ልሮጥ አሥራ ሁለት ሳምንት ቀርቶኛል። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ሰንዳፋ አስፋልት ላይ ጠንካራ ልምምድ፣ እሑድ ደግሞ ሱሉልታ እስከ 30 ኪሎ ሜትር ረጅም ሩጫ አለኝ። ሰኞና ቅዳሜ ክብደት ማንሳት ከጀመርኩ ወዲህ ግን በማግስቱ እግሬ እንደ እንጨት ይደርቅብኛል። የሰፈር ጂም፣ የቡድን ፊትነስ ወይስ ቤት ውስጥ መሥራት ይሻለኛል?

የቀድሞ ሯጭ፦ ሦስቱንም ሞክሬያቸዋለሁ። የቡድን ፊትነስ ዝላዩና ጥድፊያው ሌላ ሩጫ ስለሚሆንብህ ተወው። የሰፈር ጂም ከመረጥክ ሳትከፍል በፊት የስኳት ማቆሚያው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ወረፋ ይኖረው እንደሆነ እየው፤ በቀን የሚያስከፍል ካገኘህም የወር ክፍያውን አትግባ። ችግርህ ግን ከቦታው ይልቅ ቀኑ ነው። ጂሙን ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ከጠዋቱ ሩጫ ቢያንስ ስድስት ሰዓት አርቀህ ብታደርገው ከባዱ ቀን ከባድ፣ ቀላሉም ቀን በእውነት ቀላል ይሆንልሃል፤ ከእሑዱ ሩጫ በፊትም ሁለት ሙሉ ቀን ታገኛለህ።

ሌላ አስተያየት ሰጪ፦ በቀኑ እስማማለሁ። ሆኖም ሯጭ ሰውነቱ እንዳይከብድ በቀላል ክብደት ሃያ ሃያ ጊዜ ቢሠራ ይመረጣል።

የቀድሞ ሯጭ፦ እኔም እንደዚያ አምን ነበር። ይሁን እንጂ ይህን ያህል እየሮጠ በሳምንት ሁለት ቀን የሚያነሳ ሰው በቀላሉ አይወፍርም፤ ሃያ ጊዜ መደጋገሙ ግን የደከመውን ጡንቻ ይበልጥ ያደክመዋል። ስኳትና ዴድሊፍት አምስት አምስት ጊዜ ሦስት ዙር፣ ገና ሁለት ጊዜ ለማንሳት አቅም እያለህ ማቆም ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሕመም ስለማይቀር ክብደቱን አቅልለህ ጀምር።

አንዲት አንባቢ፦ እኔንም ጉልበቴን ያመኛል፤ ጥሩ ማሳጅ ቤት የሚያውቅ አለ?

የቀድሞ ሯጭ፦ እህቴ፣ ለጉልበት ሕመም ከማሳጅ ቤት በፊት ፊዚዮቴራፒስት ይይሽ።

ቤት የሚሠራ፦ ውኃ የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። እኔ በአንድ እግር ደረጃ እየወጣሁ በእሱ ጀመርኩ፤ ከወር በኋላ ስለቀለለኝ ወደ ጂም ሄድኩ። በጾም ወራት ደግሞ በሶ ብቻውን አላዋጣኝም፤ ከሩጫ በኋላ ሽሮ ወይም ምስር ስጨምር ነው እግሬ የተመለሰው።

ጠያቂው (ከሦስት ሳምንት በኋላ)፦ ቀኑን ቀይሬ እሑድ 28 ኪሎ ሜትር ስሮጥ መጨረሻው ላይ ፍጥነቴ አልወረደም። ረቡዕ ግን በኪሎ ሜትር 30 ሰከንድ ያህል እዘገያለሁ። ያሳስባል?

የቀድሞ ሯጭ፦ ረቡዕ ይዝገም። የሐሙሱ ፍጥነት ሁለት ሳምንት በተከታታይ ከወረደብህ ግን ከሩጫው ሳይሆን ከጂሙ አንድ ዙር ቀንስ። ውድድሩ አሥር ቀን ሲቀረው ደግሞ እግር ላይ ክብደት አቁም።

ቤት የሚሠራ፦ እኔ ፈጽሞ ሳቆም እግሬ ይፈዝብኛል፤ በመጨረሻው ሳምንት አንድ ቀላል ቀን አስቀራለሁ።

የቀድሞ ሯጭ፦ በዚህ አንስማማም። ጠያቂው፣ አንዱን ከአንድ ረጅም ሩጫ በፊት፣ ሌላውን ከሌላ ረጅም ሩጫ በፊት ሞክረህ ለይ።