ጥቆማ፦ ደሴ ላይ ኦድ እያወዳደሩ መቁረጥ ያዋጣል? የትኞቹን ቤቶች ልያዝ?

የቧንቧ ውሃው
ሰላም ቤተሰብ። ቅዳሜና እሁድ የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ እቆርጣለሁ፤ ሲንግል ብቻ፣ ባብዛኛው በ100 ብር። ሁሌም አንድ ቤት ነው የምጠቀመው። ሰሞኑን ፒያሳ ላይ ጓደኛዬ እኔ በ2.00 የያዝኩትን ቡድን ሌላ ቤት በ2.10 ይዞት አየሁ። 10 ሳንቲም ናት ብዬ ልተዋት ወይስ በረጅሙ ሲታይ ለውጥ ታመጣለች? ለውጥ ካላት የትኛውን ቤት ትጠቁሙኛላችሁ?

ጎል በጎል
ወንድም፣ የዛሬ 8 ጨዋታ ኮድ አለኝ። በውስጥ አናግረኝ።

የቧንቧ ውሃው
ኧረ ኮድ አልጠየቅሁም! ኦድ ነው ያልኩት።

ሒሳብ በደሴ
አብሽር፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። «የትኛው ቤት» ለሚለው ግን አንድ መልስ የለውም፤ ምክንያቱም በአንድ ጨዋታ ላይ እንኳ ለባለሜዳው ጥሩ የሚከፍለው ቤት ለእንግዳው ላይከፍል ይችላል። በምሳሌ እንየው። ሦስት ቤቶች ለአንድ ጨዋታ እንዲህ ሰጡ እንበል፦

ሀ፦ ባለሜዳ 2.10፣ አቻ 3.30፣ እንግዳ 3.40
ለ፦ ባለሜዳ 2.00፣ አቻ 3.45፣ እንግዳ 3.60
ሐ፦ ባለሜዳ 2.05፣ አቻ 3.20፣ እንግዳ 3.75

አሁን ማንም ያሸንፍ ማን 100 ብር እጅህ እንዲገባ ሦስቱንም ውጤት ልግዛ ብትል ስንት ትከፍላለህ? 100ን ለየኦዱ አካፍለህ መደመር ነው። ቤት ሀ ላይ ለባለሜዳው 47.60፣ ለአቻው 30.30፣ ለእንግዳው 29.40፤ ድምሩ 107.30 ብር። ለ እና ሐ ላይ ደግሞ ወደ 106.80 ይመጣል። 100 ለማግኘት 107 ከፈልክ ማለት ነው፤ 7ቷ የቤቱ ናት። ሦስቱም ቤቶች በዚህ ከሞላ ጎደል እኩል ናቸው፤ አንዱን መርጠህ ብትቀመጥ ያተረፍከው ነገር የለም።

ባለሜዳውን ከሀ፣ አቻውን ከለ፣ እንግዳውን ከሐ ብትገዛ ግን 103.30 ይሆናል። ኳስ ሳይገባው በዘፈቀደ የሚቆርጥ ሰው አንድ ቤት ሲቀመጥ ከ100 ብር በአማካይ 6.50 ገደማ ይከስራል፤ ሁሌ ከፍተኛውን ኦድ ከያዘ 3.20 ገደማ። ኪሳራው በግማሽ ይቀንሳል፣ ግን ኪሳራነቱ አይቀርም። ማወዳደር ብቻውን አትራፊ ያደርጋል የሚልህን አትስማ።

አስር አሳሪ
ለሲንግል 10 ሳንቲም ምን ትሠራለች? ይሄ ነገር የሚጠቅመው እንደኔ ብዙ ለሚያስር ነው። አራት ጨዋታ ብታስርና እያንዳንዱ ኦድ በ3 በመቶ ቢሻል ሲባዛ 12 በመቶ ይደርሳል። አስር ስታስር ደግሞ አስበው!

ሒሳብ በደሴ
ብዜቱ ልክ ነው። ግን ትኬቱ የሚቆረጠው አንድ ቤት ነው አይደል? አንዱን ጨዋታ ከሀ፣ ሌላውን ከሐ ወስደህ አንድ ላይ ማሰር አትችልም። አራቱም ጨዋታ ላይ አንድ ቤት ብቻውን የበለጠ የሚሰጥበት ቀን ጥቂት ነው፤ ሁለቱ ላይ ይበልጣል፣ ሁለቱ ላይ ያንሳል፣ ተባዝቶ ልዩነቱ ይጠፋል። በዚያ ላይ የቤቱ ድርሻም አብሮ ይባዛል። ከ100 ብር 6.50 የሚወስድ ቤት አራት ሲታሰር 23 ብር ገደማ ይወስዳል። ማሰርህ ካልቀረ የየጨዋታውን ኦድ ተወውና የትኬቱን ጠቅላላ ኦድ አወዳድር።

አስር አሳሪ
በ20 ብር 9 ሺህ የበላሁት በማሰር ነው። ሌላው ወሬ ነው።

ሒሳብ በደሴ
ማሻአላህ፣ ይብዛልህ። ወደ ጠያቂው ልመለስ። 2.00 እና 2.10ን እንይ። 500 ትኬት በ100 ብር ቆርጠህ 240ው ገባልህ እንበል። በ2.00 የሚመለስልህ 48,000 ነው፤ 50,000 አውጥተህ 2,000 ከሰርክ። በ2.10 ግን 50,400፤ 400 አተረፍክ። ያው ሰው፣ ያው ምርጫ። በ2.00 ከ100 ትኬት 50 መግባት አለበት፣ በ2.10 ግን 48 ከገባ አትከስርም። ይህን ያህል የሰፋ ልዩነት ግን በየጨዋታው አታገኝም፤ ብዙውን ጊዜ 2፣ 3 በመቶ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ዕድል በ500 ትኬት ላይ ብቻውን 2,300 ብር ገደማ ወዲያም ወዲህም ይጥልሃል። ስለዚህ አንድ ወር አወዳድረህ ቦርሳህን ብታይ ለውጡ አይታይህም። «ሞከርኩት፣ አይሠራም» የሚሉትም «ሀብታም አደረገኝ» የሚሉትም የሚያወሩት ስለ ዕድላቸው ነው።

ከመስኮቱ ጀርባ (ኮምቦልቻ)
ትኬት ቆራጭ ሆኜ ስለምሠራ ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ስማቸው የተለያየ ቤቶች ኦዱን ከአንድ አቅራቢ ሊገዙ ይችላሉ። አምስት አፕ ጭነህ የምታወዳድረው ሁለት ብቻ ሊሆን ይችላል። ለማወቅ ቀላል ነው፦ አንድ ሰፈር ቡድን የሚጫወትበትን ትንሽ ሊግ ክፈትና አስር ጨዋታ ተመልከት። ኦዱ እስከ መጨረሻዋ ቁጥር አንድ ከሆነ፣ ሲለወጥም አብሮ ከተለወጠ፣ አንዱን አጥፋው።

ሁለተኛ፣ ኦዱን አይታችሁ አትቁረጡ። ከመክፈላችሁ በፊት ታች ያለውን «ሊከፈል የሚችል» የሚለውን መስመር አንብቡ። ከመደቡ ላይ ቀድሞ የሚቀነስ ካለ 2.10 የሚለው ትኬት 2.00 ከሚለው ያነሰ ሊከፍል ይችላል። ከ100 ብር ላይ 10 ተቀንሶ በ2.10 ሲባዛ 189 ነው፤ ሳይቀነስ በ2.00 ግን 200። ደንበኞች ከሚከራከሩኝ ግማሹ በዚህች መስመር ነው።

ሮቢት ሰፈር
እኔ ላይ የደረሰው ሌላ ነው። ከፍ ያለ ኦድ ስላለው ብዬ የማላውቀው አፕ ላይ ቆረጥኩ፣ ትኬቱ ገባ፣ ብሩ ግን ወደ ቴሌብር ሳይመጣ ሳምንታት ቆየ። ስደውል «በሂደት ላይ ነው» ብቻ። 5 በመቶ ጭማሪ ለማግኘት ዋናውን አንጠልጥዬ ቀረሁ።

ሒሳብ በደሴ
ልክ ነህ፣ ይሄ በኦዱ ላይ አይጻፍም። አዲስ ቤት ላይ መጀመሪያ ትንሽ ብር አስገብቶ፣ ቆርጦ፣ አውጥቶ ማየት ነው። ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ቤት መሆኑንም ተመልከቱ።

ወልድያ 07
ለእኛስ? ኔት ሲደክም አንዱን አፕ ከፍቼ ወደ ሌላው እስክሄድ ኦዱ ተቀይሮ ይጠብቀኛል። በእግሬ እንዳልዞር ደግሞ የባጃጁ ሒሳብ ከልዩነቱ ይበልጣል።

ሒሳብ በደሴ
በ100 ብር ትኬት ልዩነቱ ቢገባ እንኳ 10 ብር ነው፤ ለሱ ባጃጅ አይያዝም። ሁለት ቤት ይበቃሃል። ከአንድ ወደ ሁለት ስትሄድ የምታገኘው፣ ከአራት ወደ አምስት ስትሄድ ከምታገኘው በጣም ይበልጣል። ኦድ ቶሎ የሚለወጠው አሰላለፍ ሲወጣ ነው፤ ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው ማለት ነው። ከዚያ በፊት ብታወዳድር ትደርሳለህ። ኦድስፖርታልን ከፍቶ የውጭ ቤቶችን አማካይ ማየትም ይጠቅማል፤ የእኛ ቤት 2.10 ሲል ውጭ ያለው 2.25 ከሆነ፣ እዚህ «ከፍተኛ» የተባለው ራሱ ርካሽ አይደለም።

ከመስኮቱ ጀርባ (ኮምቦልቻ)
በተቃራኒው፣ የእኛ ቤት ብቻውን ከሁሉም በጣም ርቆ ከፍ ካለ ቶሎ አትደሰቱ። ገበያው አንድ መሆኑን እዩ፦ ከ2.5 ጎል በላይ እና ከ3 ጎል በላይ አንድ አይደሉም። ግልጽ ስህተት ከሆነም ብዙ ቤት ደንቡ ላይ የመሰረዝ መብት ጽፏል።

የቧንቧ ውሃው
እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ሦስቱን አፖች ሳስተያይ ሁለቱ ኦዳቸው እስከ መጨረሻው አንድ ነው፤ አንዱን አጠፋሁ። የቀሩት ሁለቱ የነገውን ጨዋታ በ1.95 እና በ2.02 ይሰጣሉ፣ ግን 2.02 ያለው ከመደቡ ይቀንሳል። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ የመጀመሪያ ገቢ ቦነስ የሚሰጠውን ቤት እንዴት ነው ከኦድ ጋር የማወዳድረው?

ሒሳብ በደሴ
ቦነሱን ስንት ጊዜ አዙረህ ቁረጥ ይላል? ኦዱስ ቢያንስ ስንት ይሁን ይላል? ደንቡን ፎቶ አንስተህ ለጥፈው፣ ሳናየው ምንም ማለት አይቻልም።

አስር አሳሪ
ቦነስ ያለበትን ቤት ስም ንገሩን እንጂ!