ደመወዝ እየተከፈለኝ ለመማር የጻፍኩት ማመልከቻ ሁለቴ ተመለሰብኝ

እባካችሁ፣ በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ እርዱኝ። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። በእቅድና በጀት ክፍል 4 ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን በፐብሊክ ፋይናንስ የ2 ዓመት ማስተርስ ለመማር ተቀባይነት አግኝቻለሁ።

የመሥሪያ ቤታችን መመሪያ ደመወዝ የሚከፈልበት የትምህርት ፈቃድ የሚሰጠው ትምህርቱ «ከተያዘው የሥራ መደብ ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት» ካለው ነው ይላል። ሠራተኛው ሲመለስም የተማረበትን ጊዜ እጥፍ ያገለግላል። እኔ እንግዲህ 4 ዓመት ልፈርም ዝግጁ ነኝ።

መጀመሪያ «በመመሪያው መሠረት እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ» ብዬ አስገባሁ። «የትኛው አንቀጽ?» ተብሎ ተመለሰ። እውነታቸውን ነው። በሁለተኛው የአንቀጹን ቁጥር ጠቀስኩ፣ የመግቢያ ደብዳቤውንም አያያዝኩ። አሁን ደግሞ ጠርዙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ግንኙነቱ አልተብራራም» ተጽፎበት መጣ። እኔ የጻፍኩት «ትምህርቱ ለሥራዬ በጣም ይጠቅማል» የሚል ነበር። ለካ ይህን ማንም ስለማንኛውም ትምህርት ሊል ይችላል!

ስለዚህ ይህን ሞከርኩ፦

«በሥራ መዘርዝሬ ተራ ቁጥር 3 የተመለከተው የበጀት ፍላጎት ትንበያ ሲሆን፣ በፕሮግራሙ የሚሰጠው የበጀት ትንተና ኮርስ ይህንኑ ተግባር በቀጥታ ይመለከታል።»

ይህ ይበቃል ወይስ የኮርሶቹን ዝርዝርም ላያይዝ? ሌላው ጭንቀቴ ተተኪ ነው። አለቃዬ «ሥራሽን ማን ይሸፍናል?» ብሎኛል። ባልደረባዬ እሺ ብላኛለች፤ ግን ስሟን እዚያው ማመልከቻው ውስጥ ላስገባ ወይስ አለቃዬ በድጋፍ ደብዳቤው ይግለጸው? ምዝገባው ሊዘጋ 3 ሳምንት ነው የቀረው። ለሦስተኛ ጊዜ ከተመለሰብኝ አለቀልኝ።